ዱቤ ያለ ቀን አይሰጥም፤ ለሐዋሳ ባለሱቅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። በቀን ወደ 6,000 ብር እሸጣለሁ። ደብተሬ ላይ 34 ሰዎች ዘንድ 41,600 ብር አለኝ። 16ቱ የዚህ ወር ናቸው፣ 14,200 ብር። 11ዱ ሁለት ወር አልፏቸዋል፣ 15,400 ብር። 7ቱ ግን 12,000 ብር ይዘው ከሦስት ወር በላይ ደጃፌን አልረገጡም። አከፋፋዩ ካሽ ካልሆነ ዕቃ አያወርድልኝም። ዱቤ ባቆም ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዱብኛል፤ ስጠይቃቸው ደግሞ ይቀየሙኛል። ‹ዱቤ የለም› ብዬ ልለጥፍ ወይስ የዘገየው ላይ ወለድ ልጨምር?»

ምላሽ፦

መለጠፉም ወለዱም አይጠቅምዎትም፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ፍርሃትዎ የተገላቢጦሽ መሆኑን ይወቁት። ደንበኛ ሱቅ የሚቀይረው ዱቤ ስለተከለከለ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ዕዳው ከኪሱ በላይ ሆኖ ፊትዎን ማየት ማፈሩ ነው። ሰባቱ ሰዎች ዘይትና ሳሙና መግዛት አላቆሙም። ዛሬም ይገዛሉ፣ ያውም በካሽ፣ ከጎረቤት ሱቅ። እርስዎ ዘንድ ቢመጡ የያዙትን ገንዘብ ለአሮጌው ዕዳ የሚወስዱባቸው ስለሚመስላቸው በሌላ መንገድ ያልፋሉ። ስለዚህ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውንም ያጡት ብዙና ያለ ቀን በመስጠትዎ ነው።

ሁለተኛው የሚስተካከል ነገር ሒሳቡ ነው። ብዙ ባለሱቅ ደብተር ላይ ያለውን ገንዘብ «ያልገባ ትርፍ» አድርጎ ያየዋል። ትርፍ አይደለም፤ ዋናው ነው። በ1,000 ብር ገዝተው በ1,080 የሚሸጡትን አንድ ጀሪካን ዘይት ያስቡ። በዱቤ ሰጥተውት ቢጠፋ የጠፋብዎት 80 ብር ሳይሆን 1,000 ብር ነው። እሱን ለመተካት ሌላ 13 ጀሪካን በካሽ መሸጥ አለብዎት፤ የእነዚያ የአሥራ ሦስቱ ትርፍ በሙሉ የአንዱን ጉድጓድ ይሞላል ማለት ነው።

ይህንኑ በሱቅዎ ላይ እናምጣው። በቀን 6,000 ብር ከሸጡ በሳምንት 42,000 ይሆናል። በሸቀጣ ሸቀጥ ላይ በአማካይ 8 ከመቶ ያህል ያተርፋሉ ብንል፣ ከዚያ ውስጥ 39,000 ያህሉ የዕቃው መግዣ ነው፤ ኪራይና መብራት ሳይነሳለት በእጅዎ የሚቀረው 3,100 ገደማ ነው። ደብተር ላይ ካለው 41,600 ውስጥ ደግሞ 38,500 ያህሉ የእርስዎ መግዣ ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ የአንድ ሙሉ ሳምንት ዕቃ ማውረጃ ነው። የአከፋፋዩ መኪና ደጃፍዎ ቆሞ ገንዘብ ሲያጥርዎት የጎደለው ይኸው ነው፤ ዕቃው ሰው ቤት ገብቶ ተበልቷል። ሰባቱ ከያዙት 12,000 ውስጥ መግዣውን ብቻ ለመተካት እንኳ የሦስት ሳምንት ተኩል ትርፍዎን ሳይነኩ ማስቀመጥ ይኖርብዎታል። በዚህ ላይ ዋጋ ይጨምራል። በሐምሌ በዱቤ የወጣ ስኳር በጥቅምት ቢከፈል፣ ሳንቲም ሳይጎድል የተከፈለው ገንዘብ ያንኑ ያህል ስኳር ላይገዛልዎት ይችላል። ሱቁ በካሽ እጥረት የሚቀጭጨው እንዲህ ነው፤ መደርደሪያው ይሳሳል፣ ካሽ ይዞ የመጣው ደንበኛ የሚፈልገውን ያጣል፣ እሱም ይሄዳል።

ታዲያ እዚህ ያደረሰው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተበዳሪው ክፋት አይደለም፤ «ሲመችሽ ትሰጪኛለሽ» ወይም «ችግር የለም፣ ይድረስ» የሚለው የባለሱቁ የራሱ አፍ ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ዕዳ ለተበዳሪው የመጨረሻ ተራ ላይ የሚቀመጥ ዕዳ ነው። የቤት ኪራይ ቀን አለው፣ ዕቁብ ቀን አለው፣ የእርስዎ ግን የለውም። ስለዚህ ከደመወዙ ለኪራይና ለዕቁብ ከተነሳ በኋላ የተረፈ ካለ ነው የእርስዎ የሚታሰበው።

ቀኑን ደግሞ እርስዎ ብቻዎን አይቁረጡት፤ ገንዘብ ወደ ሰውየው እጅ የሚገባበትን ቀን ተከትሎ መቆረጥ አለበት። በእርስዎ ሰፈር ሦስት ዓይነት ሰው ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር ይከፈላቸዋል። የፋብሪካና የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ወር ነው። በሁለቱ መካከል የቀናት ልዩነት ስላለ ሁሉንም «በወር መጨረሻ» ብለው ሲጠብቁ ግማሹን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይጠይቁታል። እያንዳንዱን «ደመወዝ ስንት ቀን ላይ ይገባል?» ብለው ይጠይቁና ከገጹ ራስ ላይ ይጻፉት፤ የመክፈያው ቀን ደግሞ ደመወዙ በገባ በሁለተኛው ቀን ይሁን። ከዚያ በላይ ካራዘሙት ገንዘቡ በሌላ ቀዳዳ ወጥቷል። ሦስተኛው የባጃጅ ሹፌሩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠውና የቀን ሠራተኛው ነው። ለእነዚህ የወር ዱቤ መስጠት ለእነሱም ደግነት አይሆንም። በየቀኑ ገንዘብ የሚያይ ሰው 900 ብር አጠራቅሞ በወሩ መጨረሻ ሊያመጣ አይችልም፤ 60 ብር ግን ማታ ሲገባ ሊጥል ይችላል። ለዕለት ገቢ ሰው ዱቤ የጠዋት ለማታ ነው፣ ቢበዛ እስከ ቅዳሜ። የቅዳሜው ሳይዘጋ ሰኞ አዲስ አይከፈትም።

እዚህ ላይ ባለሱቅ በየዓመቱ የሚረሳት አንዲት ወጥመድ አለች፤ ጳጉሜ። በኢትዮጵያ ወር የሚከፈለው ደመወዝተኛ ለጳጉሜ የተለየ ደመወዝ የለውም። የነሐሴን ከተቀበለ በኋላ የሚቀጥለው የመስከረም ነው፤ በመሐሉ 35 ወይም 36 ቀን አለ። በዚያው መሐል ዘመን መለወጫ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ቀጥሎም መስቀል ይመጣል። ዱቤ የሚጠየቀው ያኔ ነው፣ የሚከፈለው ግን ያኔ አይደለም። ጠፉ ካሏቸው ሰባት ሰዎች ውስጥ ገጻቸው የቆመው በመስከረም የሆነ ካለ ደብተርዎን ይዩት። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ጣሪያ በግማሽ ይቀንሱ። ምክንያቱን ሲነግሯቸው ማንም አይቀየምም፤ ጳጉሜ ደመወዝ እንደሌላት ከእርስዎ በላይ ያውቁታል።

ጣሪያ ያልኩት ሁለት ነው። አንዱ የሱቁ ነው፤ በአንድ ጊዜ ደብተር ላይ ሊኖር የሚገባው ጠቅላላ ዱቤ ከሳምንት ዕቃ ማውረጃዎ ሩብ አይለፍ። የእርስዎ 39,000 ስለሆነ 10,000 ብር ይበሉት። ሩብ የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ በአንድ ሳምንት አንድም ሰው ባይከፍልዎ እንኳ ሦስት አራተኛውን ዕቃ አውርደው ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ሳሙና ከመደርደሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ይችላሉ። ሌላው የየሰዉ ጣሪያ ነው፤ እሱ የሚለካው በጠየቁት መጠን ወይም በቅርበት ሳይሆን ከዚህ በፊት በከፈሉት ነው። አዲስ ሰው በ300 ብር ይጀምር። ሁለት ጊዜ በቀኑ ከከፈለ 600፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከደገመ 1,000። ከ1,000 በላይ ለማንም አይሰጥ፣ ለንስሐ አባትም ቢሆን። ደብተሩ 10,000 ሲሞላ አንዱ ሳይከፍል ሌላው አይገባም፤ ይህን ለሚጠይቅዎ «የዚህ ወር ዱቤ ሞልቷል፣ ሲከፈል እነግርዎታለሁ» ማለት ደግሞ እውነትም ጨዋነትም ነው። የከለከለው ሒሳቡ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

የፓርኩ ሠራተኞች ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ሥራ ይለቃሉ፣ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ አንዲት ልጅ ሥራዋን ለቃ ዓርብ ማታ መናኸሪያ ስትሄድ የእርስዎን 400 ብር አታስታውሰውም። «የእነ እገሊት ቤት» ተብሎ የተጻፈ ዱቤ የማንም አይደለም። አንዷ ስትሄድ የቀሩት «የወሰደችው እሷ ናት» ይላሉ፣ ልክም ናቸው። በአንዷ ስም ይጻፉ፣ ከክፍሉ ሌላዋን በተያዥነት ያስፈርሙ፤ ተያዥ ያላገኘችው ከ300 አትለፍ። ያልፈረመችን ጓደኛ በኋላ «አብራችሁ በልታችኋል» ብሎ መያዝ ግን ከጠብ በቀር የሚያመጣው የለም።

አሁን ደብተሩ። ጭቅጭቅ የሚወለደው ከደብተር ነው። አብዛኛው ባለሱቅ በአንድ ገጽ ላይ የሁሉንም ሰው እንደመጡበት ቅደም ተከተል ይጽፋል፣ «አስቴር 85፣ ሙሌ 120» እያለ፤ ሲከፈል ይሰርዛል። በወሩ መጨረሻ አስቴር «ይህን ያህል አልወሰድኩም» ስትል የሚያሳዩት የተሰረዘ ወረቀት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይስጡ። ከገጹ ራስ ስም፣ ስልክ፣ የደመወዝ ቀን፣ ጣሪያ። ከሥር በመስመር ቀን፣ የዕቃው ስምና መጠን፣ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ፣ የወሰደው ሰው ፊርማ። «ዘይት» ብቻ አይጻፉ፤ «ዘይት 1 ሊትር» ይበሉ፣ ዋጋውንም የዚያን ቀን ዋጋ ይጻፉ። በኋላ ዋጋ ቢጨምር የድሮውን መስመር አይንኩት፤ ደንበኛ ካወቀብዎ የቀረውንም ሒሳብ ይጠራጠራል። ቀሪው በየመስመሩ መደመር አለበት፤ ሰውየው ሲፈርም እስካሁን ያለበትን በዓይኑ ያያል። ብዙ ሰው ከጣሪያው የሚያልፈው ተንኮል ኖሮት ሳይሆን ድምሩን ስለማያውቅ ነው። የእሱንም ቅጂ በትንሽ ደብተር ይስጡት፣ ሲመጣ ይዞ ይምጣ፣ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ።

ከሁሉ የሚብሰው የተላከ ልጅ ነው። እናት ሳታውቅ ልጅ ብስኩትና ለስላሳ ጨምሮ ይወስዳል፣ ወይም ልጁ የወሰደውን አባት አያውቅም፤ የወሩ መጨረሻ ላይ «ማን ሰጠሽ?» ይባላሉ። ገጹ ላይ «መውሰድ የሚችሉት» ብለው የሁለት ሰው ስም ያስጽፉ። ልጅ ያለ ትንሹ ደብተር ከመጣ በካሽ ካልሆነ አይሰጥ። የቴሌብር ክፍያም እንዲሁ ያምታታል፤ የሚገባልዎ ገንዘብ በባል ወይም በእህት ስም ሊሆን ይችላል። መልእክቱ እንደገባ የግብይት ቁጥሩን በ«ተከፈለ» መስመር ላይ ይገልብጡት። ሰው ስልኩን አሳይቶዎት «ልኬያለሁ» ሲል የእሱን ስክሪን ሳይሆን የራስዎን ቀሪ ሒሳብ ይዩ።

መጠየቁ ላይ እንምጣ፤ የሚያስቀይመው መጠየቅዎ ሳይሆን አጠያየቅዎ ነው። ሦስት ወር ዝም ብለው አንድ ቀን አከፋፋዩ ሲያጣድፍዎ በሰው ፊት «አንቺ ደግሞ መቼ ነው የምትከፍይው?» ካሉ ትቀየማለች። ቀኑ ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት ሲታወስ ግን ማንም አይቆጣም፤ ገና አላጠፋማ። አባባሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እትዬ፣ የጥር ሒሳባችን 640 ሆኗል፤ ከነገ ወዲያ ቀኑ ነው፣ ቅዳሜ ዕቃ ስለማወርድ እንዳይረሱኝ።» ይህ አባባል ሦስት ነገር አለው፦ ድምሩን፣ ቀኑን፣ የእርስዎን ምክንያት። «ተቸግሬያለሁ» አይበሉ፤ ሰው ችግርዎን ከራሱ ችግር ጋር ማወዳደር ይጀምራል፣ የእሱ ይበልጥበታል። ዕቃ ማውረጃ ቀን ግን የማይከራከሩት ነገር ነው።

ቀኑ ካለፈ በማግስቱ አይዝለሉት። ሦስት ቀን ይጠብቁና ብቻውን ሲያገኙት ወይም በስልክ ይጠይቁ፦ «ቀኑ አለፈን፤ አሁን ምን ያህሉን ይችላሉ? የቀረውንስ በየትኛው ቀን ልጻፈው?» ጥያቄው «ትከፍላለህ አትከፍልም» አይሁን፤ የሚመልሰው ቁጥርና ቀን ይሁን። የሰጠዎትን ቀን ፊቱ ይጻፉት፣ ያስፈርሙት። ከአሥር ቀን በኋላ አሁንም ካልመጣ ገጹ ይዘጋል፤ ማለትም እስኪከፍል በካሽ ብቻ ይገዛል፣ ይህንንም በግልጽ ይንገሩት። ሱቅዎ በመጣ ቁጥር ግን ዕዳውን አያንሱበት። ሳሙና በካሽ ሊገዛ የመጣን ሰው በመጣ ቁጥር ካሳሰቡት መምጣቱን ያቆማል፤ ካሹም ዕዳውም ይጠፋል። ማሳሰቢያው በተቆረጠው ቀን ብቻ። ለቅሶ ቤት፣ ዕድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ አይጠይቁ፤ ለሚስቱ ወይም ለልጁ መልእክት አይላኩ፤ የማያውቁት ዕዳ ከሆነ የቤት ጠብ አስነስተው ዕዳውን እስከ መጨረሻው ያጡታል።

ስለ ወለዱ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስምምነት በሌለበት የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ነው፤ በ1,000 ብር ላይ በወር 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ለዚህ ብለው ሙስሊሙን ደንበኛ በሃይማኖቱ የማይቀበለው ነገር ውስጥ ከተው፣ የቀረውን ደግሞ «አራጣ አበዳሪ ሆነች» አሰኝተው ምን ሊያተርፉ? ለዱቤ የተለየ ዋጋ የሚያስከፍሉ ሱቆች አሉ። ከፈለጉ ሁለቱም ዋጋ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ይነገር፤ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ብር ግን ማታለል ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ከሁለቱም ቀኑን ማክበርን እመርጣለሁ። የዘገየ ሰው ቅጣቱ ጣሪያው መቀነሱ ነው።

ማስታወቂያውስ? «ዛሬ በካሽ ነገ በዱቤ» የሚለው ወረቀት በየሱቁ አለ፤ ከሥሩ ቆሞ ዱቤ የማይወስድ የለም። ለአንዱ እየሰጡ ለሌላው ወረቀቱን ካሳዩ ስድብ ይሆናል። መለጠፍ ካለብዎ ደንቡን ይለጥፉ፦ «ዱቤ በደብተር ለተመዘገበ ብቻ፤ እስከ 1,000 ብር፤ መክፈያው ደመወዝ በገባ በ2ኛው ቀን፤ የቀድሞው ሳይዘጋ አዲስ አይሰጥም።» አራት ሐረግ ይበቃል። የተበዳሪዎችን ስም መለጠፍን ግን በፍጹም አያስቡት። አንዴ ስሙ የተሰቀለ ሰው የሚጠብቀው ክብር ስለሌለው የሚከፍልበት ምክንያትም የለውም፤ ከዚያ በላይ ስም ማጥፋት ተብሎ እርስዎ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ 41,600 ብር እንዴት ይሰብሰብ? ዛሬ ያለውን ደብተር ይዝጉት። አዲስ ደብተር ይግዙ፣ ከአሮጌው አንድም ቀሪ ወደ አዲሱ አይሸጋገር። ይህ ዋናው ነገር ነው። ባለሱቅን የሚያከስረው «500 ከፍሎ 600 መውሰድ» ነው፤ ደንበኛው በየወሩ የሚከፍል መልካም ሰው ይመስላል፣ ቀሪው ግን በየወሩ 100 እየጨመረ ይሄዳል። አሮጌ ዕዳ በአሮጌ ደብተር ይከፈላል፣ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ዕቃ በካሽ ነው።

የአሥራ ስድስቱ 14,200 ቀላሉ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተጨማሪ ሳይወስዱ ደመወዛቸው ሲገባ ሙሉውን ይክፈሉ፤ ከፍለው ሲጨርሱ በአዲሱ ደብተር ከ300 ይጀምሩ። ድሮ 1,500 ይወስድ የነበረ ሰው 300 ሲባል ቅር ሊለው ይችላል። «ለሁሉም አንድ ነው፣ ለሁለት ወር ነው» ይበሉት። እውነት ለሁሉም አንድ መሆን አለበት፤ ለአንድ ዘመድ ከፈቀዱ ሰፈሩ በሁለተኛው ቀን ይሰማል።

የአሥራ አንዱ 15,400 በአማካይ ለአንድ ሰው 1,400 ነው። ይህን በአንድ ደመወዝ ይክፈሉ ማለት ጭራሽ አይክፈሉ ማለት ነው። በሦስት ደመወዝ 500፣ 500፣ 400 ብለው ይጻፉትና ያስፈርሙ። ከሦስት በላይ አይከፋፍሉ፤ አራተኛው ክፍያ ብዙ ጊዜ በዓል ወይም ሕመም ያገኘዋል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን 500 በቀኑ ያመጣ ሰው ሁሉንም የመጨረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የመጀመሪያውን ያላመጣውን ደግሞ ሁለተኛው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ወደ ሰባቱ ጎራ ያስገቡት።

ሰባቱን ሲሰበስቡ አስቀድመው ልብዎን ያዘጋጁ፤ ሁሉም አይገባም። እያንዳንዱን ራስዎ፣ ብቻዎን፣ አንድ ጊዜ ያናግሩ። ሰው አይላኩ። ያለበት 1,700 ቢሆን «በዚህ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከከፈልክ 1,570 አድርገህ ስጠኝ፣ ትርፌን ትቼልሃለሁ» ይበሉት። መግዣዎን አገኙ፣ እሱም ያለ እፍረት ተመለሰ። ቅናሹ ግን ለእነዚህ ለሰባቱ ብቻ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው፤ ወሬው ወደ አሥራ አንዱ ከደረሰ እነሱም ሦስት ወር መጥፋት ይሻላል ይላሉ። ከተማውን የለቀቀውን በስልክ ያግኙት፣ በቴሌብር በትንሽ በትንሹም ቢሆን ይላክ። በአንድ ወር ውስጥ መልስ ያልሰጠውን የሰፈር ሽማግሌ ይያዙበት፤ ደብተሩ ላይ ፊርማ ካለ ሽማግሌ ፊት ክርክሩ አጭር ነው። ክስ የሚያዋጣው መጠኑ ከምልልሱና ከሚባክነው የሥራ ቀን ሲበልጥ ነው። ለ1,700 ብር ሱቅ ዘግተው ሦስት ቀን ፍርድ ቤት መዋል ከዕዳው በላይ ያስከፍልዎታል፤ በቀን 6,000 የሚሸጡ ሰው ነዎት።

በዱቤ ደብተሩ ውስጥ የተደባለቀ ሌላ ነገር ካለ አሁኑኑ ይለዩት፤ በካሽ የተበደሩዎት ገንዘብ። «500 ብር አበድሪኝ፣ ከዱቤው ጋር ጻፊው» ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድርን ጉዳይ ሲደነግግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው ይላል፤ ምስክር መደርደር ብቻውን አያድንዎትም። ስለዚህ ካሽ አያበድሩ፤ ካበደሩም በሌላ ወረቀት፣ በፊርማ፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይሁን። ካሽ ለሚፈልግ ሰው የቴሌብርና የባንኮች አነስተኛ ብድር አለ፤ ሱቅ የዚያን ሥራ ልሥራ ሲል ዕቃ ማውረጃውን ያጣል።

በዚህ አካሄድ ከሄዱ በመጀመሪያው ደመወዝ ላይ 14,200ው አብዛኛው፣ ከአሥራ አንዱ ደግሞ እስከ 5,500 ሊገባልዎ ይችላል። ያን ገንዘብ ለዱቤ አይመልሱት፤ ቶሎ የሚሸጠውን ዕቃ በካሽ ያውርዱበት። ከሰባቱ አንዱ ወር ቆይቶ ገንዘቡን ይዞ ከመጣ ደግሞ ቆጥረው ይቀበሉት፣ ገጹን ፊቱ ያቋርጡ፣ «የት ጠፍተህ?» አይበሉት። ሁለት ደመወዝ በካሽ ይግዛ፤ በሦስተኛው ከጠየቀ ከ150 ብር ያስጀምሩት።